«ቲቸር፣ ባለ ሁለት ደረጃውን አብርቼ ነበር እኮ!» — የሁለተኛው በር አጭር ታሪክ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ጠራ። ከሰባት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን ዱባይ ትሠራለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ቲቸር፣ ቴሌግራሜን ወሰዱት። በእኔ ስም ለአክስቴ ጽፈው 8,000 ብር አስላኳት» አለችኝ። ነገሩ የጀመረው ከጓደኛዋ አካውንት በመጣ መልእክት ነው፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ እባክሽ ምረጪልኝ» የሚል፣ ከሥሩ ሊንክ ያለው። ከፈተችው። ገጹ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ አስገባች። ኮድ መጣላት፣ አስገባች። ከዚያ ተጨማሪውን የይለፍ ቃል ጠየቃት፣ እሱንም አስገባች። ጓደኛዋም ለካ አካውንቷ ቀድሞ ተወስዶባት ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀጥላ ያለችኝ ነው። «ቲቸር፣ ባለ ሁለት ደረጃውን አብርቼ ነበር እኮ! እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

አዎ፣ እኔ ነኝ። በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ «ፓስወርድ ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካበራችሁ ማንም አይገባባችሁም» ብያለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ስህተት ነው። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ስህተት እርማት ነው። እርማቱን ለማስረዳት ሁለተኛው በር እንዴት እንደተሠራና ሦስት ጊዜ እንዴት እንደተሰበረ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ሐሳቡ

ፓስወርድ የምታውቀው ነገር ነው። የምታውቀውን ነገር ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል፤ ይገምታል፣ ይሰርቃል፣ ወይም ከተዘረፈ ድረ ገጽ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ «የምታውቀው ላይ በእጅህ ያለ ነገር እንጨምርበት» ተባለ። ሁሉም ሰው በእጁ ያለው ነገር ደግሞ ስልክ ነው። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ እንዲህ ተወለደ። ርካሽ ነው፣ ማንኛውም ቀፎ ይቀበለዋል፣ ለእናቴም ለማስረዳት ቀላል ነው።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ኮዱ ከንቱ አይደለም። ጉግል በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ በሮቦት የሚደረጉ የመግባት ሙከራዎችን 100 በመቶ፣ በጅምላ የሚላኩ የማጥመጃ መልእክቶችን 96 በመቶ ከልክሏል። አንድን ሰው ለይተው በሚያጠቁት ላይ ግን ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። ከአራት አንዱ ያልፋል ማለት ነው። እንዴት እንደሚያልፍ እንይ።

የመጀመሪያው ስብራት፦ ቁጥሩ የአንተ አይደለም

ስልክ ቁጥራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ይመስላችኋል። እውነታው ግን ቁጥሩ ያለው በቴሌኮም ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ «ይህ ቁጥር ከዚህ ሲም ጋር ነው» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ሲም ሲጠፋብን ሱቅ ሄደን መታወቂያ አሳይተን ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም የምናወጣው ለዚህ ነው። ለእኛ የተከፈተው ይህ በር ለሌባም ክፍት ነው። የሲም ቅያሪ ስርቆት የሚባለው ይሄ ነው።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልንገራችሁ፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለ ነው። ጥር 9 ቀን 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኤክስ (በድሮው ትዊተር) ገጹ ላይ አንድ ትልቅ ዜና ለቀቀ፦ የቢትኮይን ፈንዶች በገበያ እንዲሸጡ ፈቅጃለሁ የሚል። የአንድ ቢትኮይን ዋጋ ወዲያው ከ1,000 ዶላር በላይ ዘለለ። ትንሽ ቆይቶ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር «ገጻችን ተጠልፏል፣ ዜናው ሐሰት ነው» አሉ። ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ ወረደ።

እንዴት ተደረገ? አላባማ ውስጥ የሚኖር የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት፣ ከግብረ አበሮቹ የአንድ ሰው ስምና ፎቶ ተላከለት። የኮሚሽኑ ገጽ የተያያዘበት ስልክ ቁጥር በዚያ ሰው ስም ነበር። ወጣቱ በትንሽ ማተሚያ ሐሰተኛ መታወቂያ ሠራ። ሱቅ ገብቶ «የኤፍቢአይ ሠራተኛ ነኝ፣ ስልኬ ተሰበረ፣ አዲስ ሲም እፈልጋለሁ» አለ። ተሰጠው። ከዚያ አዲስ አይፎን ገዝቶ ሲሙን ከተተበት። ኮዱ ሲመጣ ለግብረ አበሮቹ ላከላቸው፣ እነሱ ገቡ። አይፎኑንም ሱቅ መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ! በኋላ ኮምፒውተሩ ሲፈተሽ «ኤፍቢአይ እየመረመረኝ መሆኑን በእርግጠኝነት እንዴት ማወቅ እችላለሁ?» ብሎ ፈልጎ ተገኘ። በ2025 የ14 ወር እስር ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንድም ኮምፒውተር አልተሰበረም። የተታለለው የሱቅ ሠራተኛ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ በገጹ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ከወራት በፊት ለመግባት አስቸግሮ በራሳቸው ጥያቄ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን የያዘ ሰው ብቻውን አዲስ ፓስወርድ ማውጣት ቻለ። ሁለተኛ በር ተብሎ የተሠራው ስልክ ቁጥር፣ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል ብቸኛው በር ይሆናል።

የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ይህን አደጋ ቀድሞ አይቶታል። በ2016 ረቂቁ ላይ የኤስኤምኤስ ኮድን ማበረታታት እንደሚያቆም ጻፈ፤ በ2017 የመጨረሻው ሰነድ ደግሞ «ገደብ ያለበት» ብሎ መደበው።

ሲማችሁ እንደተወሰደ በምን ታውቃላችሁ? ኔትወርክ ባለበት ቦታ፣ ጎረቤታችሁ እየደወለ የእናንተ ስልክ ብቻ ድንገት ኔትወርክ ያጣል። ስልኩን አጥፍታችሁ አብርታችሁም ካልተመለሰ፣ «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ አትተኙ። በሌላ ሰው ስልክ ወዲያው ለቴሌኮም ኩባንያችሁና ለባንካችሁ ደውሉ።

ሁለተኛው ስብራት፦ ማሰልቸት

ከኮድ የተሻለ ተብሎ የመጣው «ፑሽ» ነው። ፓስወርድ ስታስገባ ስልክህ ላይ «አንተ ነህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል፤ «አዎ» ወይም «አይደለሁም» ትነካለህ። በሲም ላይ አይመሠረትም። ለተጠቃሚው ደግሞ በጣም ይቀላል፤ ችግሩም የመጣው ከቅለቱ ነው።

መስከረም 2022፣ ኡበር። ኩባንያው ራሱ እንዳስረዳው፣ ከውጭ ተቀጥሮ የሚሠራለት አንድ ሰው የግል መሣሪያው በቫይረስ ተጠቅቶ ፓስወርዱ ተሰረቀ፤ አጥቂውም ያን ፓስወርድ ሳይገዛው አልቀረም። ከዚያ ደጋግሞ ለመግባት ሞከረ። በሞከረ ቁጥር የሠራተኛው ስልክ ላይ ጥያቄው ብቅ ይላል። ሠራተኛው መጀመሪያ ከለከለ። ደግሞ መጣ። ደግሞ መጣ። አጥቂው በኋላ እንዳወራው፣ በዋትስአፕ «የአይቲ ክፍል ነኝ፣ ጥያቄው እንዲቆምልህ ከፈለግህ ተቀበለው» ብሎም ጽፎለታል። በመጨረሻ ሠራተኛው አንዱን «አዎ» አለ። አጥቂው ገባ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ በኩባንያው የውስጥ የመልእክት ሰሌዳ ላይ «ገብቻለሁ» ብሎ ለሠራተኞች በሙሉ ለጠፈ።

ሠራተኛውን «ሞኝ» ለማለት አትቸኩሉ። በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ሳናነብ «እሺ» እንነካለን? ስልኩ ሲጮህ አንድ ጣት ዝም የሚያሰኘው ከሆነ፣ ጣቱ አንድ ቀን ይሄዳል። ጥያቄውን የቀሰቀሰው እሱ ራሱ ይሁን ሌላ ሰው፣ ስክሪኑ ላይ የሚለይ ነገር አልነበረም።

መጠገኛው ቁጥር ማመሳሰል ነው። ለመግባት የሚሞክረው ሰው ስክሪን ላይ ሁለት አኃዝ ይታያል፤ ስልክህ ያንን ቁጥር ጻፍ ይልሃል። የሞከርከው አንተ ካልሆንክ ቁጥሩን አታየውም፣ በመሰልቸት ብቻም ልትገምተው አትችልም። ማይክሮሶፍት ከግንቦት 2023 ጀምሮ በማረጋገጫ መተግበሪያው ፑሽ ላይ ይህን ግዴታ አደረገ። ማሰልቸቱን ይቀንሳል። ነገር ግን ሌባው ደውሎ «የአይቲ ክፍል ነኝ፣ 47ን ጻፍ» ቢልህስ? ትጽፋለህ። ይሄ ወደ ሦስተኛው ይወስደናል።

ሦስተኛው ስብራት፦ ኮዱን በእጃችን እንሰጣለን

የዱባዩዋ ተማሪዬ የተጠቃችው በዚህ ነው። ለማብራራት ግን በ2022 ክረምት ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ የደረሰውን ጎን ለጎን ላሳያችሁ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ምዕራፍ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሳይታሰብ እንደ ላብራቶሪ ሙከራ ሆኗል፦ አንድ ዓይነት ማታለያ፣ ሁለት የተለያየ በር።

አንደኛው ትዊሊዮ ነው። ሥራው ለሌሎች ኩባንያዎች ኤስኤምኤስ መላክ ነው፤ የማረጋገጫ ኮዶችን ጭምር። ሁለተኛው ክላውድፍሌር ነው፤ ድረ ገጾችን ከጥቃት የሚጠብቅ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል፤ እነዚህ ግን ሞኞች አይደሉም፣ እንጀራቸው ይሄው ነው።

ሐምሌ 20 ቀን 2022፣ ቢያንስ 76 የክላውድፍሌር ሠራተኞች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኤስኤምኤስ ደረሳቸው። የሥራ መርሐ ግብርህ ተቀይሯል የሚል ነገር ነው፣ ከሥሩ ሊንክ አለ። የሊንኩ አድራሻ ይሄ ነበር፦

```
cloudflare-okta.com
```

አስተውሉት። ክላውድፍሌር የኩባንያው ስም ነው፣ ኦክታ ደግሞ ሠራተኞቹ በየቀኑ የሚገቡበት አገልግሎት። ሁለቱም ትክክለኛ ስሞች ናቸው። ግን አድራሻ የሚነበበው ከኋላ ነው፦ ከነጥብ ኮም በፊት ያለው ቃል በሙሉ የባለቤቱ ስም ነው። እዚህ ላይ ያ ቃል `cloudflare-okta` ነው፤ ሌላ፣ አዲስ ስም። የተመዘገበውም መልእክቱ ከመላኩ 40 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው በፊት ነው።

ሊንኩን ሲከፍቱት ከእውነተኛው ገጽ ጋር አንድ የሆነ ገጽ ይመጣል። ፓስወርድ ስታስገባ ወዲያው ለአጥቂው በቴሌግራም ይደርሰዋል። እሱ በዚያችው ቅጽበት እውነተኛው ገጽ ላይ ያስገባዋል። እውነተኛው ገጽ ኮድ ይጠይቃል፤ ሐሰተኛውም አንተን ኮድ ይጠይቅሃል። ኮዱን ትጽፋለህ፣ እሱ ጊዜው ሳያልፍ ይጠቀምበታል። ኮዱ በኤስኤምኤስ ይምጣ ወይም በየ30 ሰከንዱ ከሚቀያየር መተግበሪያ ይምጣ ልዩነት የለውም። አንተ ልታነበው የምትችለው ቁጥር ከሆነ፣ ለሌላ ሰው ልታነብለትም ትችላለህ። ሌባው መሃል ላይ ቆሞ ያቀባብላል።

ትዊሊዮ ላይ ተመሳሳይ መልእክት የተላከላቸው አንዳንድ ሠራተኞች ተታለሉ፣ አጥቂዎቹም ገቡ። ከ200 በላይ ደንበኞቹ ተነኩ። ከነሱ አንዱ ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ነው፤ ወደ 1,900 የሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ ስልክ ቁጥር ለአደጋ ተጋለጠ። ተመልከቱ እንግዲህ፦ ኮድ የሚልከው ኩባንያ ሲሰበር፣ በኮዱ የተማመኑት ሁሉ አብረው ይጋለጣሉ።

ክላውድፍሌርስ? እዚያም ሦስት ሠራተኞች ፓስወርዳቸውን አስገብተዋል። ሠራተኞቹ ከትዊሊዮዎቹ የበለጡ ብልሆች ነበሩ ማለት አይቻልም። አጥቂዎቹ በተሰረቁት ፓስወርዶች ለመግባት ሞከሩ፣ ግን አልቻሉም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚገባው በኮድ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ቁልፍ ነበር።

ቁልፉ ለምን አይታለልም?

ቁልፉ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ፍላሽ የምትመስል ነገር ናት። ለአንድ ድረ ገጽ ስትመዘግባት ለዚያ ገጽ ብቻ የሚሆን ጥንድ ትፈጥራለች፦ አንዱ ምስጢር ሆኖ ውስጧ ይቀራል፣ ሌላው ለገጹ ይሰጣል። ለመግባት ስትፈልግ ገጹ አዲስ ጥያቄ ይልካል፣ ቁልፏ በምስጢሩ ትፈርምበታለች፣ ገጹ ፊርማውን ያረጋግጣል። ምስጢሩ ራሱ መቼም አይወጣም።

ዋናው ነጥብ ግን ይሄ ነው፦ አድራሻውን ለቁልፏ የሚነግራት ሰው ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ሰው ፊደል ሲመሳሰልበት፣ ሲቸኩል፣ ሲደክመው ይሳሳታል። ብራውዘሩ ግን አይደክመውም። ሐሰተኛው ገጽ ላይ ሲሆን ቁልፏ «በዚህ አድራሻ የተመዘገበ ነገር የለኝም» ትላለች፣ አለቀ። አንተ ሙሉ በሙሉ ብትታለል እንኳ የምትሰጠው ነገር የለህም፤ በስልክ የሚነበብ፣ በመልእክት የሚላክ ቁጥር የለም። ጉግል ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከ85,000 በላይ ሠራተኞቹን በቁልፍ እንዲገቡ አድርጎ፣ ከዚያ ወዲህ በማጥመድ የተወሰደ አካውንት እንደሌለ በ2018 ተናግሯል።

ዛሬ ይህን ለማግኘት የግድ ዕቃ መግዛት የለብንም። አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በ2022 «ፓስኪ» የሚባለውን አብረው ለማስፋፋት ተስማሙ። ያው የቁልፉ አሠራር ሆኖ፣ ምስጢሩ በስልካችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም በጣት አሻራችሁ ወይም በስክሪን መቆለፊያችሁ ነው። ሌባ ሲማችሁን ቢያወጣ ፓስኪው ከሲሙ ጋር አይሄድም።

እንደ ድሮዬ «ማንም አይገባባችሁም» ብዬ ግን አልዋሽም። ፓስኪ ሦስት ነገር አያድንም። አንደኛ፣ አካውንቱ ፓስኪ እያለውም «ፓስወርድ ረሳሁ» በኤስኤምኤስ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሌባው በዚያ ይዞራል፤ የብረት በር ሠርቶ መስኮት ክፍት መተው ነው። ሁለተኛ፣ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ቫይረስ ካለ፣ ከገባችሁ በኋላ ያለውን የመግቢያ ፈቃድ ሰርቆ ይጠቀምበታል። ሦስተኛ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ካላችሁና ከጠፋባችሁ እናንተም ውጭ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ሁለት መሣሪያ መመዝገብ ወይም የመጠባበቂያ ኮዶችን በወረቀት ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ እኛስ?

ለተማሪዬ የነገርኳት ይሄን ነው፣ ለናንተም ያው ነው። መጀመሪያ ጂሜላችሁን ያዙ፤ የሌሎቹ አካውንቶች ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ ነውና። የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ `Security & sign-in` ገብታችሁ `Passkeys and security keys` የሚለው ላይ ፓስኪ ፍጠሩ። እዚያው ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር አሁንም የእናንተ መሆኑን እዩ፤ የተውት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ `Two-Step Verification` አብሩ። ይሄ ፓስወርድ ስለሆነ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ከጻፋችሁት ይወሰዳል፤ ተማሪዬ ላይ የደረሰውም ይሄው ነው። ሲም ብቻ ይዞ የሚመጣውን ግን ያቆማል። የተወሰደባችሁ ከመሰላችሁ፣ አሁንም መግባት የምትችሉ ከሆነ `Devices` ውስጥ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። የቴሌግራም የመግቢያ ኮድ የሚጻፈው ራሳችሁ በምትከፍቱት፣ በራሱ በቴሌግራም መግቢያ ላይ ነው፤ ለምርጫ፣ ለሽልማት፣ ለውድድር የሚጠይቅ ገጽ ሁሉ ሌባ ነው።

ፓስኪ የማይቀበል የባንክ መተግበሪያ ላይ ኤስኤምኤሱን አታጥፉ። ደካማ በር ከምንም ይሻላል። ደካማ መሆኑን ግን እወቁ።

ልጅቷ አካውንቷን በሦስተኛው ቀን አስመለሰች። የአክስቷ 8,000 ብር አልተመለሰም። በዚህ ሳምንት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ የድሮውን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና ሁለተኛውን ግማሽ ሰረዝኩት። በቦታው ይሄን ጻፍኩ፦ «ለሰው ልታነበው የምትችለው ኮድ፣ ሌባም ሊያነበው የሚችል ኮድ ነው።»

ከእኔ የተማራችሁ በሙሉ፣ እናንተም ደብተራችሁ ላይ አርሙልኝ። በዚህ መንገድ የተወሰደባችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ኮመንት ላይ ጻፉ፤ ሌላው ይማርበታል። ኮዱን ግን እንዳትጽፉ 😀